ለእናትዎ ሶላር ሲገዙ «ስንት ዋት?» ብለው አይጠይቋቸው

ገጠር ላሉ ወላጆችዎ ሶላር ሊገዙ ሱቅ ሲገቡ፣ ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት «ስንት ዋት ይሁን?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ባትሪው ሊቲየም ነው ወይስ አሲድ?» ይላል። እርስዎም ስልክ ያነሱና ጥያቄውን እንዳለ ለእናትዎ ያስተላልፋሉ። እናትዎ ትንሽ ዝም ብለው «ደህናውን ግዙልኝ ልጄ» ይላሉ።

ይህ መልስ አይደለም። እኔ በማርኬቲንግ ሥራዬ ደጋግሜ የማየው ነገር ነው፤ የሙያውን ቃል የማያውቅ ደንበኛ «አልገባኝም» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ የሻጩን ቃል መልሶ ይደግማል፣ ወይም «መካከለኛውን» ይላል፣ ወይም ለሁሉም «እሺ» ይላል። እንዲህ ያለ መልስ ከሰሙ ጥያቄውን ጮክ ብለው አይድገሙት፤ ጥያቄውን ይቀይሩት።

ምሳሌ እንውሰድ። ልጅ አዲስ አበባ ነች፣ እናት በካፋ ዞን ከቢታ ገነት ወጣ ብሎ የመብራት መስመር ባልደረሰበት መንደር ይኖራሉ እንበል። እናትየው ዋት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ማታቸውን ግን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ ልጅቷ «እማዬ፣ ፀሐይ ከጠለቀች ጀምሮ እስክትተኙ ምን ምን ትሠራላችሁ?» ትበል። እናትየው እየተረኩ ይመጣሉ፦ ሳሎን፣ ማድ ቤትና መኝታ ቤት እስከ ማታ አራት ሰዓት ይበራል፤ ሁለት ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ሦስት ሰዓት ያህል ቴሌቪዥን ያያል።

አሁን ሒሳቡ የልጅቷ ነው። ባለ 5 ዋት ሦስት አምፖሎች ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሲበሩ 60 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ትንሽ ቴሌቪዥን ከነዲኮደሩ 40 ዋት ቢወስድ፣ በሦስት ሰዓት 120 ነው። ሁለቱ ስልኮች 40 ገደማ ይወስዳሉ። ድምሩ 220።

ነገር ግን እዚህ ላይ አይቁሙ። የሰሙትን በእናትየው ቋንቋ መልሰው ይንገሯቸው፦ «ሦስት አምፖል እስከ አራት ሰዓት፣ ሁለት ስልክ፣ ቴሌቪዥን ሦስት ሰዓት፤ ከዚያ ሁሉም ይጠፋል አይደል?» «ሁሉም ይጠፋል» የሚለው ነው ብዙውን ጊዜ የተረሳውን የሚያወጣው። «ኧረ የበረቱስ! ጅብ እንዳይደርስ እስኪነጋ ይብራ እንጂ» ይላሉ እናትየው። አንዲት ባለ 5 ዋት አምፖል 12 ሰዓት ስትበራ 60 ዋት-ሰዓት ትወስዳለች፤ ሦስቱ የቤት አምፖሎች አንድ ላይ የወሰዱትን ያህል። ድምሩ 280 ሆነ። ይህ ሳይጠየቅ ቢቀር ኖሮ መብራቱ ሌሊት ላይ ይጠፋና «ሶላሩ አይረባም» ይባል ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ፀሐይ ነው። ካፋ ደንና ዝናብ የበዛበት አገር ነው፤ ብዙ ቤት በእንሰትና በትልልቅ ዛፎች የተከበበ ነው። ስለዚህ «የፀሐይ ኃይሉ እንዴት ነው?» ሳይሆን «ጣራው ላይ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ያርፍበታል?» ይበሉ። «ክረምት ላይ ፀሐይ ሳትታይ ስንት ቀን ይሆናል?» የሚለውም በቀላሉ ይመለሳል። ጥላ በሌለበትና በጠራ ቀን ለ280 ዋት-ሰዓት 100 ዋት ፓኔል ይበቃል፤ ለደመናማው ጊዜ ግን 150 መያዝ ይሻላል።

ባትሪውን በተመለከተ፣ ሊቲየም ከያዘው 80 በመቶ ያህሉን መጠቀም ይቻላል፤ አሲድ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። በ12 ቮልት ሲሰላ ለአንድ ሌሊት ሊቲየም 30፣ አሲድ ደግሞ 50 አምፒር-ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። እናትየው ስለዚህ ምርጫ መጠየቅ የለባቸውም። የሚጠየቁት «ፀሐይ በሌለበት ሳምንት ቴሌቪዥኑ ቢቀር ይሻላል ወይስ ጨመር አድርገን ትልቅ ባትሪ እንግዛ?» ተብለው ነው። ይህን ከማንም በተሻለ ይመልሱታል። ቴሌቪዥኑ ቀድሞ የተገዛ ከሆነ፣ ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ጎረማሳ ልጅ በስልክ ፎቶ አንስቶ ይላክ፤ የሚወስደው ዋት እዚያው ተጽፏል።

በመጨረሻ እርስዎ ራስዎ የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፦ «እንጀራም ይጋገርበታል ብላችሁ አስባችኋል?» እናትየው ቀድመው ላይናገሩት ይችላሉ፤ ከተማ ስትመጡ የኤሌክትሪክ ምጣድዎን አይተዋልና «መብራት ከገባ ይቻላል» ብለው ያስቡ ይሆናል። ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ይወስዳል። ከላይ ያሰላነው የሙሉ ሌሊት ኃይል ምጣዱን አምስት ደቂቃ እንኳ አያቆየውም፤ ይህን ከመግዛትዎ በፊት ይንገሯቸው።