ሰብታይትል በደብዛዛ ሳሎን

መብራት አጥፍቶ ፊልም የሚያይ ሰው ሰብታይትሉ አልነበብ ሲለው ሁለት የማይመሳሰሉ ችግሮች ሊገጥሙት ይችላሉ። በረዶ ወይም ነጭ ግድግዳ ስክሪኑን ሲሞላው ነጩ ጽሑፍ ከምስሉ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። የሌሊት ትዕይንት ሲመጣ ደግሞ ያው ጽሑፍ ከልክ በላይ ያበራል። በጨለማ የዓይን ብሌን ሰፋ ስለሚል ብርሃኑ ከፊደሉ ጠርዝ አልፎ የፈሰሰ ይመስላል፤ አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው ደግሞ ይብስበታል።

የእኛ ፊደል በዚህ በጣም ይጎዳል። «ቢ» እና «ቤ» የሚለዩት እግራቸው ሥር ባለች ትንሽ ምልክት ነው። የ«ቤ» ቀለበት መሐሉ በብርሃን ከተሞላ ዓይን ሁለቱን ያምታታል፤ አንባቢው በግምት ያነባል፣ እስኪያረጋግጥ ድረስም ጽሑፉ አልፏል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከለው መጠኑ ነው። 32 ኢንች ቴሌቪዥን እናስብ፤ የስክሪኑ ቁመት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ተመልካቹም ሦስት ሜትር ተኩል ርቆ ተቀምጧል። ፊልሙ ከላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ ይመጣል፣ የሚያጫውተውም VLC ነው። Ctrl እና P ሲጫኑ Preferences ይከፈታል፤ እዚያ Subtitles / OSD የሚለውን ይምረጡ። Font size ላይ Normal ማለት የቁመቱ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው፤ በዚህ ስክሪን ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ለዚህ ርቀት ያንሳል። Large ሲደረግ አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ ማለትም ሦስት ሴንቲ ሜትር ከሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የምልክቶቹ ልዩነት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። Larger ግን የቁመቱ አንድ ስድስተኛ ስለሆነ ሁለት መስመር ብቻውን የስክሪኑን ሲሶ ይሸፍናል። ሁለት መስመር የነበረው ጽሑፍ ተቆራርጦ ሦስት ወይም አራት መስመር ከሆነ መጠኑ አልፏል ማለት ነው።

ፎንቱም እዚያው ይመረጣል። ዊንዶውስ ላይ ያለው Ebrima የግዕዝ ፊደልን እኩል ውፍረት ባለው መስመር ስለሚጽፍ ከሩቅ ለማንበብ ጥሩ ነው። Nyala ለወረቀት ውብ ቢሆንም ቀጫጭን ሰረዞቹ ከሩቅ ይጠፋሉ። ደማቅ ፎንት መምረጥም አያዋጣም፤ ቀለበቶቹን ያጠብባቸዋል።

በነጭ ትዕይንት የሚያድነው በፊደሉ ዙሪያ የሚሰመረው ጥቁር ጠርዝ ነው። Outline color ጥቁር፣ Outline thickness ደግሞ Normal ይሁን። ጽሑፉ ከበቂ በላይ ትልቅ ከሆነ ወፍራም ጠርዝ አያስፈልግም። በጥቁር ትዕይንት ጠርዙ ስለማይታይ አይጎዳም፣ ግን አይጠቅምምም። አንዳንድ ሰው ጠርዙን ትቶ ጥላ ብቻ ያደርጋል፤ ጥላ የሚወድቀው በአንድ ወገን ስለሆነ በሌላው ወገን ነጩ ከነጩ ጋር ይገናኛል።

ለሌሊቱ ትዕይንት የሚቀረው ቀለሙን ማደብዘዝ ነው። Text default color ላይ ነጩን ወደ ፈካ ያለ ግራጫ ይለውጡት፤ በቁጥር የሚጻፍ ከሆነ #D0D0D0 ይበቃል። ከስክሪኑ የሚወጣው የፊደሉ ብርሃን በሲሶ ያህል ይቀንሳል፣ ከጥቁሩ ጋር ያለው ልዩነት ግን አሁንም ከበቂ በላይ ነው። ፈዘዝ ያለ ቢጫም ይሆናል። ከዚያ Save ተጭኖ ቪዲዮውን እንደገና መክፈት ያስፈልጋል። ፍተሻው ቀላል ነው፤ ከፊልሙ አንድ ነጭና አንድ ጨለማ ትዕይንት መርጦ፣ ከሚቀመጡበት ወንበር ሆኖ፣ ማታ ማንበብ። ቀን ላይ ጠረጴዛ አጠገብ የተስተካከለ ሰብታይትል ማታ ያስቸግራል። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ደካማ መብራት ማብራትም የዓይንን ብሌን ስለሚያጠብ ከማስተካከያዎቹ እኩል ይረዳል።

ብዙ ስማርት ቴሌቪዥኖች ላይ እነዚህ ምርጫዎች Accessibility ሥር፣ Captions በሚለው ውስጥ ይገኛሉ። ጠርዙ እዚያ Edge ይባላል፤ ከምርጫዎቹ ፊደሉን ዙሪያውን እኩል የሚከበው Uniform ይሻላል። ከጽሑፉ ጀርባ ግማሽ አሳላፊ ጥቁር ሳጥን ማድረግም ይቻላል፤ ምስሉን ይሸፍናል እንጂ ለደከመ ዓይን ከሁሉም በላይ እርግጠኛው ነው።

ፊልሙን ከፍላሽ በቀጥታ ሲያጫውቱ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ከመጡ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፎንት የለውም፤ መፍትሔው ከላፕቶፕ ማጫወት ነው። ትርጉም የለሽ ምልክቶች ከመጡ ግን ጥፋቱ የፋይሉ ኢንኮዲንግ ነው፤ ፋይሉን በ UTF-8 እንደገና ማስቀመጥ ያሻል። ጽሑፉ ከምስሉ ጋር አብሮ የተቀረጸ ከሆነ ደግሞ ከላይ ከተባለው ማስተካከያ አንዱም አይሠራም፤ ፊደሉ የምስሉ አካል ሆኗል።

ስለዚህ የአማርኛ ሰብታይትል የምታዘጋጁ ሁሉ፣ እባካችሁ ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትቅረጹት። ለብቻው በ .srt ፋይል ስጡን፤ ዓይናቸው የደከመ እናቶችና አባቶች ለራሳቸው በሚመች መጠን እንዲያነቡት።