ባይመለስስ? ለዘመድና ለወዳጅ የማበደር ልክ

ዘመድ ወይም ጓደኛ ብድር ሲጠይቅ መጠኑን የሚቆርጠው አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂው ነው። «40 ሺህ ብር ብቻ፣ እስከ ሁለት ወር» ይላል። አበዳሪው ይሉኝታ ይዞት ዝም ይላል፤ ከዚያ «አርባው ይከብደኛል፣ ሃያ ላድርግልህ» ይላል። ሃያው ከየት መጣ ቢባል የአርባ ግማሽ ስለሆነ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ የወሩን አስቤዛ አስቦ አልቆረጠውም። ማስያው የሚመጣው ማታ ነው፣ ገንዘቡ ከተላከ በኋላ።

ይህን የሚያቃልል አንድ ልማድ አለ። ለሰው የሚወጣውን ገንዘብ ልክ ጠያቂ ሳይመጣ በፊት መወሰን፤ ከእጅ የወጣውን ደግሞ እንደ ተሰጠ መቁጠር። ሁለቱ ተነጣጥለው አይሠሩም። ስጦታ ነው ብሎ የቆረጠ ሰው «ይመልስልኝ ይሆን?» እያለ የሰውየውን ታማኝነት መመርመር አይጠበቅበትም፤ ለነገሩ ታማኝ ሰውም ሥራው ሲቀዘቅዝበት ወይም ሰው ሲታመምበት መክፈል ያቅተዋል። የሚቀረው ጥያቄ «ባይመለስ ቤቴ ምን ይጎድልበታል?» የሚለው ነው። የዚህ መልስ ደግሞ እቤት ውስጥ ይገኛል።

አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ አንዲት መምህርትና ባለቤቷን እናስብ። የሁለቱ ደመወዝ ተቆራርጦ በወር 32 ሺህ ብር እጃቸው ይገባል። ኪራይ 12 ሺህ፣ አስቤዛ 9 ሺህ፣ ትምህርት ቤትና ትራንስፖርት 5 ሺህ፣ እቁብ 3 ሺህ፣ እድር 200 ብር ይወስዳል። የሚተርፈው 2 ሺህ 800 ብር ነው። ከዚህ ላይ 1 ሺህ ብሩን በየወሩ «የሰው» ብለው ለብቻው ያስቀምጣሉ፤ በዓመት 12 ሺህ ይሆናል። ለአንድ ሰው በዓመት ከ3 ሺህ ብር በላይ እንዳይወጣም ተስማሙ። ለወላጆች የሚላከው ከዚህ ውስጥ አይገባም። እሱ ከአስቤዛው ጋር የሚቆጠር ቋሚ ወጪ ነው፤ ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው እናቱን ከጓደኛው ጋር ሊያሻማ ነው።

ፈተናው የመጣው እቁቡ በደረሳቸው ሳምንት ነው። አሥራ ሁለት ሰው በሦስት ሦስት ሺህ የሚጥልበት እቁብ 36 ሺህ ብር ያወጣል፤ የእቁብ ወሬ ደግሞ ከብሩ ቀድሞ ዘመድ ቤት ይደርሳል። የመምህርቷ የአጎት ልጅ የባጃጁ ሞተር እንደተበላሸ ነግሯት 40 ሺህ ብር አበድሪኝ አላት። እቁቡ ለልጆቹ ምዝገባ የተያዘ ነው። ስለዚህ መልሷ አጭር ሆነ፦ «ወንድሜ፣ አርባ ሺህ የለኝም። የእቁቡ ብር የልጆቹ ነው። ሦስት ሺህ ግን አለኝ፣ እሱን ለሞተሩ ከእኔ ያዘው፤ ብድር አይደለም።» አልዋሸችም፣ ሰበብም አልደረደረችም። ሰበብ የሚደረድር ሰው ለድርድር በር ይከፍታል፤ «ደመወዝ ዘገየብን» ላለ ሰው «እንግዲያው ሲገባ ላኪልኝ» የሚል መልስ ዝግጁ ነው።

ስጦታ መሆኑን ለተቀባዩ መናገር ሁልጊዜ ያስፈልጋል ወይ? እኔ አይመስለኝም። ከተጠየቀው በጣም ያነሰ ሲሰጥ መናገሩ ጥሩ ነው፤ ያነሰው ገንዘብ ዕዳ ካልሆነ ያስደስታል። ኩሩ ሰው 2 ሺህ ብር እስከ ደመወዝ ድረስ ሲጠይቅ ግን «ምጽዋት ነው» ማለት ፊቱን ማጥቆር ነው። «ሲመችህ» ብሎ መስጠትና በቤት ሒሳብ ላይ ወጪ አድርጎ መመዝገብ ይበቃል። ከመለሰ ብሩ ወደ «የሰው» ይገባና ለቀጣዩ ሰው ይውላል። ካልመለሰ አይጠየቅም፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን የሚያገኘው በዓመት ከተመደበው ልክ የቀረውን ብቻ ነው፣ ያውም ከቀረ።

በአፍ «ትቼዋለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ በልብ አለመተው ግን ይታወቃል። የተበደረው ሰው አዲስ ጫማ አድርጎ ሲታይ ዋጋውን መገመት ከጀመራችሁ፣ ወይም በሠርግ ላይ ያዋጣውን ብር ከዕዳው ጋር ካነጻጸራችሁ፣ ያ ገንዘብ አልተሰጠም። የሰጣችሁት ከልካችሁ በላይ ነበር ማለት ነው። መድኃኒቱም ሰውየውን መውቀስ ሳይሆን የዓመቱን ልክ ዝቅ ማድረግ ነው።

የተመለሰ ብድር እንኳ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ያኔ ዋሽንግተን ያለ ሰው ለወንድሙ 100 ሺህ ብር በባንክ ለማድረስ 1 ሺህ 750 ዶላር ያህል ያስፈልገው ነበር። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ በዓመት ውስጥ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ወንድሙ ቃሉን ጠብቆ መቶ ሺዋን በዓመቱ ቢመልስ፣ ላኪው የሚያገኘው ከ770 ዶላር በታች ነው። ማንም አላጭበረበረም፤ ግማሹ ግን ሳይታሰብ ስጦታ ሆኗል።

ከልክ በላይ የሆነ ገንዘብ ማበደር የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለሱቅ መክፈቻ ወይም ለመኪና፣ ያ ጉዳይ ከስጦታ ሒሳብ ወጥቶ በወረቀት ይሁን። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ማስረዳት እንደማይቻል ይደነግጋል። አምስት መቶ ብር ዛሬ የምሳ ግብዣ ነው። ስለዚህ በመካከላችን ከሚዘዋወረው የቃል ብድር አብዛኛው ተበዳሪው ከካደ ፍርድ ቤት ሄዶ የሚጸና አይደለም። በባንክ ወይም በቴሌብር የተላከበት ደረሰኝም ብሩ መድረሱን ያሳያል እንጂ ለብድር ይሁን ለስጦታ አይናገርም። የምር ብድር ከሆነ መጠኑና የመክፈያው ቀን ተጽፎ፣ ሁለቱ ወገኖችና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበታል። «በወንድማማች መካከል ምን ፊርማ ያስፈልጋል?» የሚል ተበዳሪ ካለ፣ ጉዳዩ ወደ 3 ሺሁ ልክ ይመለሳል።

ብዙ ጠንቃቃ ሰዎች የሚሸወዱት ግን በዋስትና ነው። ብር ከኪስ ስለማይወጣ ማበደር አይመስልም፤ «ፊርማህን ብቻ» ይባላል። ተበዳሪው መክፈል ሲያቆም ግን አበዳሪው የሚዞረው ወደ ፈረመው ሰው ነው። የሚገርመው ሕጉ እዚህ ላይ ከእኛ ይልቅ ይጠነቀቃል፤ በአንቀጽ 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን ያልተገለጸበት የዋስትና ውል ፈራሽ ነው። እንግዲህ የባልደረባ ብድር ላይ ለመፈረም ብዕር ከመያዝ በፊት ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ፈልጎ ማንበብ ነው። 150 ሺህ ብር ከሆነ፣ ለመምህርቷ ቤት የ12 ዓመት ተኩል «የሰው» ብር ነው፤ ለአንድ ሰው፣ በአንድ ፊርማ።