ሁለት ፈተና በአንድ ሰዓት እንዳይገጥም

እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ ሞንትሪያል የሚገኝ አንድ የንግድ ትምህርት ቤት 81 ፈተናዎች ነበሩት። ተፈታኞቹ 2,823 ተማሪዎች፣ የፈተና ክፍለ ጊዜዎቹ ደግሞ 18 ነበሩ። ከ81 ፈተናዎች 3,240 ጥንዶች ይወጣሉ፤ ከእነዚህ 42 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ የጋራ ተማሪ ነበራቸው። ይህን በዓይን አይቶ ማስማማት የማይታሰብ ነው።

የሒሳብ ሰዎች ጉዳዩን በሥዕል ያዩታል። እያንዳንዱ ፈተና ነጥብ ይሆናል። ሁለቱንም የሚወስድ አንድ ተማሪ እንኳ ካለ ነጥቦቹ በመስመር ይያያዛሉ፤ የጋራ ተማሪዎቹ ሁለት መቶ ቢሆኑም መስመሩ ያው አንድ ነው። ከዚያ ለየክፍለ ጊዜው አንድ ቀለም ተመድቦ ነጥቦቹ ይቀባሉ። ሕጉም አንድ ብቻ ነው፦ በመስመር የተያያዙ ነጥቦች አንድ ዓይነት ቀለም አይቀቡም።

አቀባቡ ላይ ቅደም ተከተል ብዙ ይወስናል። አራት ፈተናዎች አሉ እንበል፦ ታሪክ ከኢኮኖሚክስ፣ ኢኮኖሚክስ ከሒሳብ፣ ሒሳብ ከፊዚክስ ጋር የጋራ ተማሪ አላቸው። ፕሮግራም አውጪው ታሪክንና ፊዚክስን አስቀድሞ ሁለቱንም የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ያስቀምጣል፤ የሚያጋጫቸው ተማሪ የለም። ኢኮኖሚክስ ከታሪክ ስለሚጋጭ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ይውላል። ሒሳብ ግን አንደኛው ሰዓት ላይ ፊዚክስ፣ ሁለተኛው ላይ ኢኮኖሚክስ ስለሚያግዱት ሦስተኛ ሰዓት ይፈልጋል። ብዙ መስመር ካላቸው ከኢኮኖሚክስና ከሒሳብ ቢጀምር ኖሮስ? ኢኮኖሚክስና ፊዚክስ በአንደኛው፣ ሒሳብና ታሪክ በሁለተኛው ሰዓት ይፈተኑ ነበር። አንድ ክፍለ ጊዜ ተረፈ ማለት ነው።

ብዙ መስመር ያለውን ማስቀደም ዌልሽና ፓወል እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ጥናት የሚታወቅ ዘዴ ነው። ፈጣን ቢሆንም ሁልጊዜ ዝቅተኛውን ቁጥር አያስገኝም፤ ለማንኛውም ሥዕል ዝቅተኛውን በፍጥነት የሚያገኝ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም። ቢያንስ መቼ ፍለጋን ማቆም እንደሚገባ የሚጠቁም ምልክት አለ፦ አንድ ተማሪ ስድስት ኮርስ ከወሰደ ከስድስት ክፍለ ጊዜ በታች መውረድ አይቻልም።

ቀለም የማያየው ነገርም አለ። የአዳራሹን ወንበር አይቆጥርም፤ አንድ ተማሪ በአንድ ቀን ጠዋትም ከሰዓትም ቢፈተን ግድ የለውም። እነዚህን ፕሮግራም አውጪው ከቀለሙ በኋላ ለብቻቸው ማስተካከል አለበት።

ትልቁ ጣጣ ግን የሚመጣው ከዘገየ ምዝገባ ነው። አንድ የክፍል ተማሪዎች ተመሳሳይ ኮርስ በሚወስዱበት ዩኒቨርሲቲ ሥዕሉ ቀላል ነው፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሁለተኛ ዓመት ኮርስ ሲደግም ግን በሁለቱ ዓመታት መካከል አዲስ መስመር ይሰመራል። ይህ ፕሮግራሙ ከወጣ በኋላ ከሆነ ሁለቱ ነጥቦች ቀድመው አንድ ቀለም ተቀብተው ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ኮርስ የምትደግሙ ተማሪዎች፣ ስማችሁ በሁለቱም ኮርሶች ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ፕሮግራሙ ከመውጣቱ በፊት ሬጅስትራር ሄዳችሁ አረጋግጡ።