ምስሉ መታወቂያ አለው፤ ታማሚዋስ? ዳይኮምና ፓክስ በሁለት ሆስፒታሎች መካከል



ገለጻዬን በአንድ ምሳሌ ልጀምር። ታሪኩን ለማስተማሪያ ያቀናበርሁት እኔ ነኝ፤ ነገር ግን በራዲዮሎጂ ክፍል ጥቂት ዓመት የሠራ ሰው የሚመስለውን አያጣም። ወይዘሮ ጫልቱ በቀለ የፉሪ ነዋሪ ናቸው እንበል። በ2015 ዓ.ም. ሳል ቢበረታባቸው በቅርባቸው ወዳለ ሆስፒታል ሄደው የደረት ሲቲ ስካን ተነሡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ በሚገኝ ሌላ ሆስፒታል በድጋሚ ተነሡ። ሁለተኛውን ምስል ያነበቡት ሐኪም በቀኝ ሳንባቸው ላይ 7 ሚሊ ሜትር የምታህል ጠጣር እብጠት አዩ። እብጠቷ ከሁለት ዓመት በፊትም በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን ከነበረች አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የላትም ተብላ ትታለፋለች። አዲስ ከሆነች ግን ወይዘሮ ጫልቱ ከወራት በኋላ ተመልሰው ሌላ ሲቲ ስካን ይነሣሉ፤ እስከዚያም ካንሰር ይሆን በሚል ሥጋት ይቆያሉ።

የቀድሞው ምስል አልጠፋም። ልጃቸው በሲዲ ይዞት መጥቷል፤ ሲዲውም በሁለተኛው ሆስፒታል ፓክስ ውስጥ ገብቷል። ሆኖም ሐኪሙ አዲሱን ምስል ሲከፍቱ ስክሪኑ «የቀድሞ ምርመራ የለም» ይላል። ዛሬ የምንመረምረው ይህ እንዴት እንደሚሆን ነው።

በመጀመሪያ ፋይሉን እንክፈተው። ዳይኮም እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅና የኤሌክትሪክ መሣሪያ አምራቾች ማኅበር በጋራ ካወጡት መስፈርት የተወለደ ነው፤ የአሁኑን ስሙን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የዳይኮም ፋይል በ128 ባይት ባዶ ቦታ ይጀምራል፤ ቀጥሎ `DICM` የሚሉ አራት ፊደላት ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በቁጥር የተሰየሙ መለያዎች ተርታ ነው፤ ሥዕሉ ራሱ ከመለያዎቹ አንዱ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው። አንድ የሲቲ ቁራጭ በቁመትም በወርድም 512 ነጥብ አለው፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ባይት ሲያዝ 524,288 ባይት ይሆናል። 400 ቁራጭ ያለው የደረት ምርመራ እንግዲህ ወደ 210 ሜጋባይት ይጠጋል። ከዚህ ሁሉ ክብደት የወይዘሮ ጫልቱን ማንነት የሚሸከሙት ጥቂት ደርዘን ባይቶች ብቻ ናቸው።

በሲዲው ላይ ከመጡት ፋይሎች የአንዱ መለያዎች እነሆ፤

```
(0010,0010) PN [CAALTUU^BAQQALAA]
(0010,0020) LO [004512]
(0010,0030) DA [19700520]
(0010,0040) CS [F]
```

በሁለተኛው ሆስፒታል የተነሡት ደግሞ ይህን ይላል፤

```
(0010,0010) PN [BEKELE^CHALTU]
(0010,0020) LO [117830]
(0010,0030) DA [19780128]
(0010,0040) CS [F]
```

ከጾታቸው በቀር የሚገናኝ ነገር የለም። ከስሙ እንጀምር። በፉሪና በአካባቢዋ መታወቂያ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ሆስፒታል መዝጋቢ ከመታወቂያው ላይ እንዳለ ገለበጠው። አዲስ አበባ ያለው መዝጋቢ ግን ስሙን በጆሮው ሰምቶ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ አስገባው። ለእኛ ሁለቱም ጫልቱ በቀለ ናቸው፤ `BEKELE` ብሎ ለሚፈልግ ኮምፒዩተር ግን `BAQQALAA` ፍጹም ሌላ ሰው ነው። ቅደም ተከተሉም ተገለባብጧል። መስፈርቱ ከ`^` ምልክት በፊት የቤተሰብ ስም፣ ከኋላው የግል ስም እንዲገባ ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ አንዱ የአባትን ስም በዚያ ቦታ ያስገባል፣ ሌላው የራስን። በግዕዝ ፊደል ብንጽፈውስ? ዳይኮም ይፈቅዳል፤ `(0008,0005)` በሚለው መለያ `ISO_IR 192` ብሎ ማስታወቅ ይበቃል። ችግሩ የብዙ ማሽኖች የቁልፍ ሰሌዳ የግዕዝ ፊደል አለመኖሩ ነው። ቢኖረውም ሐና እና ሃና የሚለያዩበት ፊደል ስለሆነ ሙሉ መፍትሔ አይሆነንም።

የልደት ቀኑ ከስሙ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ስሕተቱ አይታይም። ወይዘሮ ጫልቱ የተወለዱት ጥር 20 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። ዳይኮም ቀንን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ በስምንት አሃዝ ብቻ ይቀበላል፤ ስለዚህ ትክክሉ `19780128` ነው። የመጀመሪያው ሆስፒታል መዝጋቢ ግን ጥር አምስተኛ ወር ነውና 20/05/1970 ብሎ አስገባው፤ ማሽኑም እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1970 መሰለው። ወይዘሮ ጫልቱ በአንድ ጊዜ ወደ ስምንት ዓመት አረጁ። ለአዋቂ ሰው ይህ የፍለጋ እንቅፋት ነው፤ የአጥንት ዕድገቱ ከዕድሜው ጋር ይስማማ እንደሆነ ለማወቅ የግራ እጁን ራጅ ለተነሣ ሕፃን ግን ንባቡን ራሱን ያበላሻል። ማሽኑ ስሕተቱን የሚያስታውቀን በጥቂት ቀኖች ብቻ ነው። ጳጉሜን የተወለደ ሰው ሲመጣ 13ኛ ወር ስለማያውቅ እምቢ ይላል፤ ጥቅምት 30 የተወለደም ሲመጣ ፌብሩዋሪ 30 የለም ብሎ ይመልሳል። ያን ጊዜም ቢሆን መዝጋቢው ሰልፉ ረዝሞበት 01/01 ብሎ ሲያልፍ አይቻለሁ። በአንድ መዝገብ ውስጥ በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን የተወለዱ ሰዎች ከልክ በላይ ከበዙ የዚህ ምልክት ነው።

ሦስተኛው መለያ የካርድ ቁጥሩ ነው፤ አደጋውም እዚህ ላይ ይበረታል። ፓክስ የምስል ማከማቻ ብቻ አይደለም፤ ምስሎችን በታማሚ፣ በምርመራ፣ በተከታታይ ክፍልና በነጠላ ምስል ደርድሮ የሚያስቀምጥ መዝገብ ነው። ከላይ ያለውን ደረጃ፣ ታማሚውን፣ የሚያውቀው በዋናነት በካርድ ቁጥሩ ነው። ከታች ያሉት ሦስቱ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው እስከ 64 ሆሄ የሚረዝም፣ በነጥብ የተከፋፈለ ቁጥር አላቸው፤ ይህ ቁጥር በዓለም ላይ እንዳይደገም ሆኖ የሚሰጥ ነው። ሁለት ምስሎች በፍጹም እንዳይምታቱ መስፈርቱ በጥንቃቄ ተጨንቋል። ለሰውየው ግን እንዲህ ያለ ቁጥር አልሰጠውም፤ ሊሰጠውም አይችልም፣ ሰውን የሚቆጥረው የየሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ነውና። 004512 የሚል ካርድ በአንደኛውም ሆስፒታል አለ፣ በሁለተኛውም አለ።

እንግዲህ ሲዲው ሲገባ ከሁለት አንዱ ይሆናል። በሁለተኛው ሆስፒታል 004512 የሚባል ካርድ ገና በፓክስ ካልተመዘገበ አዲስ ታማሚ ይፈጠራል፤ ወይዘሮ ጫልቱ በአንድ መዝገብ ውስጥ ሁለት ሴት ይሆናሉ፣ ሐኪሙም የቀድሞውን ምስል አያገኙም። በመግቢያዬ ያየነው ይህ ነው። ቁጥሩ ቀድሞ ከተያዘ ግን አንዳንድ ፓክስ ሳይጠይቅ ምስሉን ከቁጥሩ ባለቤት ሥር ይሰቅለዋል። ያ ባለቤት የ60 ዓመት አዛውንት ከሆኑ፣ የወይዘሮ ጫልቱ እብጠት የእርሳቸው የቀድሞ ምርመራ ሆኖ ይነበባል። የመጀመሪያው ስሕተት ገንዘብና ጭንቀት ያስከትላል፤ ሁለተኛው የሌላን ሰው በሽታ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ቢሆን መነጣጠሉ ይሻላል እላለሁ። መቀላቀሉን ለማወቅ የሚረዳው በአንድ ካርድ ሥር ያሉ ምርመራዎችን ጾታና የልደት ቀን ማነጻጸር ነው፤ በአንዱ `F` በሌላው `M` ካለ ወዲያውኑ ማቆም ያስፈልጋል።

ትክክለኛው አሠራር ሲዲውን እንዳለ አለማስገባት ነው። መጀመሪያ ራዲዮግራፈሩ ወይም የፓክሱ ኃላፊ ታማሚዋን ራሷን ወይም አስታማሚዋን ጠይቆ፣ ካርዷን አይቶ፣ የሲዲው ምስል የማን እንደሆነ ያረጋግጣል። ከዚያ የታማሚውን መለያዎች ወደ ተቀባዩ ሆስፒታል መዝገብ ይለውጣል፤ የምርመራውን፣ የተከታታይ ክፍሉንና የምስሉን ረጃጅም ቁጥሮች ግን አይነካም። እነርሱን ከነካ ያው ሲዲ በሌላ ቀን ሲመጣ ፓክሱ ሌላ ምርመራ ይመስለዋል። የድሮው ካርድ ቁጥርም አይጣልም፤ ከሰጪው ስም ጋር በሌላ ኪስ ይቀመጣል፤

```
(0010,0020) LO [117830]
(0010,0021) LO [HOSP_B]
(0010,1002) SQ
  (0010,0020) LO [004512]
  (0010,0021) LO [HOSP_A]
```

`(0010,0021)` የሚለው መለያ ቁጥሩን ማን እንደሰጠው ይናገራል። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ ስንሠራ ባዶ ሆኖ ይኖራል፣ ማንም አያስታውሰውም። ምስሉ ከግቢው በወጣ ቀን ግን 004512 የማን እንደሆነ የሚናገር ሌላ የለም። በሀገራችን የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ የፋይዳን ቁጥር በዚሁ ኪስ፣ በራሱ ሰጪ ስም ማስገባት ይቻላል። በካርድ ቁጥሩ ቦታ ማስገባቱን ግን አልደግፍም። ያ ቦታ በየፊልሙና በየሲዲው ሽፋን ላይ ይታተማል፤ ፊልሙም በታክሲና በሰው እጅ ይዞራል።

ስለ ሪፖርቱ ጥቂት ልበል። ብዙ ጊዜ በሲዲው ላይ ሪፖርቱ የለም፤ ሐኪሙ የጻፉት ንባብ በወረቀት ታትሞ በፖስታ ይሰጣል። ዳይኮም ንባቡን በራሱ ቅርጽ ወይም በፒዲኤፍ መልክ ከምስሎቹ ጋር አብሮ መያዝ ይችላል፤ ያኔ በምርመራው ረጅም ቁጥር ስለሚታሰር አይነጠልም። ብዙ ሆስፒታሎች ግን ንባቡን በሌላ ሥርዓት ያስቀምጡና ከምስሉ ጋር የሚያገናኙት `(0008,0050)` በተባለው የትእዛዝ ቁጥር ነው። ይህም ከ16 ሆሄ የማይበልጥ የአንድ ቤት ቁጥር ነው፤ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲሻገር እንደ ካርድ ቁጥሩ መለወጥ አለበት።

በሲዲ ፈንታ በመስመር መላክስ? ሁለቱ ፓክሶች እስከ 16 ሆሄ በሚደርስ መጠሪያ አስቀድመው ከተዋወቁ `C-STORE` በሚባለው ትእዛዝ ምስሉ ይሻገራል። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚያልፍ መስመር የወይዘሮ ጫልቱ ምርመራ ሰባት ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ይዘቱ ሳይቀነስ ከታመቀ ደግሞ ያንሳል። መስመሩ ካልተመሠጠረ ስማቸውም ዕድሜያቸውም በግልጽ ይነበባል። ስማቸው በቁቤ፣ ልደታቸው በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነም እንዲሁ ተጽፎ ይደርሳል። መስመር ፍጥነት ይጨምራል እንጂ መለያ አያርምም። ስሕተቱ የሚቀንሰው ራዲዮግራፈሩ በማሽኑ ላይ ምንም ሳይተይብ፣ ካርድ ክፍሉ አንድ ጊዜ የመዘገበውን ማሽኑ ከሥራ ዝርዝሩ ሲስበው ነው።

በምሳሌያችን የፓክሱ ኃላፊ ልጃቸውን ጠርቶ አነጋገረ፤ ሁለቱን ልደቶች በወረቀት ላይ ጽፎ ጥር 20 በሁለት አቆጣጠር መሆኑን አገኘ። መለያዎቹን ከላይ እንዳየነው አስተካከለ፤ የቀድሞዎቹንም `(0400,0561)` በሚባለው የለውጥ መዝገብ ውስጥ ከቀኑና ከለዋጩ ስም ጋር አስቀረ። ሐኪሙ ምስሉን እንደገና ሲከፍቱ የ2015ቱ ምርመራ ከጎኑ ተሰለፈ። እብጠቷ በዚያው ቦታ ነበረች፤ ሲለኳትም 7 ሚሊ ሜትር ሆነች።