ስርዝ ድልዝ የሌለበት ኮድ

አንዲት ደንበኛ ሦስት ዕቃ ይዛ ካሸሯ ጋ ቀረበች እንበል። ዋጋቸው 1000፣ 500 እና 300 ብር ነው፤ ድምሩ 1800። ሱቁ የ10 በመቶ ቅናሽ ስላደረገ ስክሪኑ 1620 ብር አሳየ፤ ደንበኛዋም ይህንኑ ከፈለች። የታተመው ደረሰኝ ግን 1458 ብር ይላል። 162 ብር የት ገባ? ካሸሯ አልተሳሳተችም፤ ማሽኑም ደኅና ነው። ጥፋቱ ያለው በፓይተን በተጻፉት በእነዚህ አራት መስመሮች ውስጥ ነው።

```python
def discount(prices):
    for i in range(len(prices)):
        prices[i] = prices[i] * 90 // 100
    return sum(prices)
```

ፋንክሽን ማለት የሚሰጡትን ተቀብሎ መልስ የሚመልስ የኮድ ቁራጭ ነው። ይህኛው የዋጋ ዝርዝር ይቀበልና ከቅናሽ በኋላ ያለውን ድምር ይመልሳል። ሦስተኛው መስመር ላይ ዓይናችሁን አሳርፉ። እያንዳንዱን ዋጋ በ90 አባዝቶ ለ100 ካካፈለ በኋላ፣ ውጤቱን በድሮው ዋጋ ቦታ ላይ ይጽፈዋል። የድሮው ዋጋ ከዚያ ወዲያ የለም።

ፓይተን አንድን ዝርዝር ለፋንክሽን ሲሰጥ ኮፒ አያደርግም፤ ራሱን ዝርዝሩን ነው የሚያቀብለው። ስለዚህ ስክሪኑ 1620ን ባሳየበት ቅጽበት፣ የቀረው ፕሮግራም የሚጠቀምበት ዝርዝርም 900፣ 450 እና 270 ሆኗል። ደረሰኝ የሚያትመው ክፍል ተራው ሲደርስ ያንኑ ፋንክሽን በድጋሚ ጠራው። ቅናሹ በተቀነሰው ላይ ተቀነሰና 810፣ 405 እና 243 ሆነ፤ ድምሩም 1458።

ፋንክሽኑ መልስ ከመመለስ ሌላ የሠራው ሥራ ሁሉ የጎንዮሽ ውጤት ይባላል። የተቀበለውን ዝርዝር መለወጥ፣ ስክሪን ላይ መጻፍ፣ ዳታቤዝ ውስጥ መመዝገብ፣ መልእክት መላክ፣ ሁሉም ከዚሁ ይቆጠራሉ። በመድኃኒት እንደምናውቀው ሁልጊዜ ጎጂ ነው ማለት አይደለም፤ ደረሰኝ ማተም ራሱ የጎንዮሽ ውጤት ነው፣ ደግሞም የምንፈልገው ነው። የሚጎዳው የተደበቀው ነው። የፋንክሽኑ ስም “ቅናሽ” ይላል እንጂ “ዝርዝርህን እለውጥብሃለሁ” አይልም። ብቻውን ሲፈተሽም መጀመሪያ ሲጠራ ትክክለኛ መልስ ስለሚሰጥ ፈተናውን ያልፋል። ስሕተቱ የሚወጣው ሁለት የፕሮግራሙ ክፍሎች በአንድ ዝርዝር ሲገናኙ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ማግኘት የሚያደክመውም ለዚህ ነው፤ የተሳሳተው ቁጥር የሚታየው ደረሰኙ ላይ ሲሆን ጥፋቱ የተፈጸመው ግን ቀደም ብሎ፣ ሌላ ቦታ ነው።

መፍትሔው አጭር ነው፤

```python
def discount(prices):
    return sum(p * 90 // 100 for p in prices)
```

ይህኛው እያንዳንዱን ዋጋ አንብቦ አዲስ ቁጥር ያሰላል፤ የተሰጠውን ዝርዝር ግን አይነካም። አንድ ጊዜም ጥሩት መቶ ጊዜ መልሱ 1620 ነው። እንዲህ ያለው ንጹህ ፋንክሽን ይባላል። ንጹህ ለመባል ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ለተመሳሳይ ግብዓት ሁልጊዜ ተመሳሳይ መልስ መስጠት፣ ከመልሱ ውጭም ምንም ነገር አለመለወጥ።

የመጀመሪያው መስፈርት ሳይታወቅ የሚፈርስበት መንገድ አለ። ቅናሹ ለእንቁጣጣሽ ዕለት ብቻ ነው እንበል። ፋንክሽኑ ቀኑን ከኮምፒውተሩ ሰዓት ራሱ የሚያነብ ከሆነ ምንም ነገር ባይለውጥም ንጹህ አይደለም፤ ያው ዝርዝር ዛሬ ሌላ፣ ነገ ሌላ መልስ ያመጣል። ልክ መሆኑን ለማየትም ወይ በዓሉን መጠበቅ ወይ የኮምፒውተሩን ሰዓት መነካካት ሊያስፈልግ ነው። ቀኑን እንደ ዋጋው ሁሉ ከውጭ ብንሰጠው ግን የእንቁጣጣሽን ሒሳብ በግንቦትም መፈተሽ እንችላለን።

ጥንቃቄ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ያንን ሦስተኛ መስመር መልሶ ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ በፋንክሽን ላይ የተመሠረተ ፕሮግራሚንግ የሚከተሉ ሰዎች ዳታውን ራሱን የማይለወጥ ማድረግ ይመርጣሉ። የሒሳብ ሠራተኞች ይህን ያውቁታል። ስርዝ ድልዝ ያለበት መዝገብ አይታመንም፤ ስሕተት ሲገኝ የድሮው መስመር እንዳለ ሆኖ ማስተካከያው በአዲስ መስመር ይጻፋል። በፓይተን ዋጋዎቹን በካሬ ቅንፍ ሳይሆን በክብ ቅንፍ ብናስቀምጣቸው፣ ማለትም `(1000, 500, 300)` ብንላቸው፣ የማይለወጥ ዝርዝር ይሆናሉ። የመጀመሪያው ጥፋተኛ ፋንክሽን ሊለውጣቸው ሲሞክር ወዲያው ይቆምና ይህን ይላል፤

```
TypeError: 'tuple' object does not support item assignment
```

ከደንበኛዋ ደረሰኝ ላይ ይገኝ የነበረው ስሕተት ፕሮግራመሩ ጠረጴዛ ላይ ተያዘ ማለት ነው፤ ያውም ከነመስመር ቁጥሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ይጠይቃል። አንድ ነገር ለመለወጥ ሁልጊዜ አዲስ ዝርዝር የምንሠራ ከሆነ፣ አንድ ሚሊዮን ዋጋ ያለበት ዝርዝር ውስጥ አንዱን ለማስተካከል ሚሊዮኑን ሁሉ ልንገለብጥ ነው? በፓይተኑ የክብ ቅንፍ ዝርዝር፣ አዎ። ሪች ሂኪ በ2007 ይፋ ያደረገው ክሎጀር የተባለው ቋንቋ ግን መላ አለው። ዝርዝሩን በአንድ ረጅም ሰልፍ አያስቀምጠውም፤ ከእያንዳንዱ መገናኛ እስከ 32 ቅርንጫፍ የሚወጣበት ዛፍ ያደርገዋል። 32 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1,048,576 ስለሚሆን፣ ለአንድ ሚሊዮን ዋጋ አራት ደረጃ ይበቃል። አንዱ ዋጋ ሲቀየር የሚገለበጡት ከሥሩ እስከዚያ ዋጋ ድረስ ባለው መንገድ ላይ የሚገኙት አራት መገናኛዎች ብቻ ናቸው፤ በጠቅላላው 128 ቦታ ገደማ። የቀረውን ዛፍ አሮጌውና አዲሱ ዝርዝር በጋራ ይጠቀሙበታል። መጋራታቸው አደጋ የሌለው ደግሞ ማንም ሊለውጠው ስለማይችል ነው።

ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም። መንገዱን መገልበጥ፣ በቦታው ላይ ከመጻፍ ጋር ሲተያይ ጊዜም ማኅደረ ትውስታም ይወስዳል። ስለዚህ ብዙ ስሌት በሚሠራበት ቦታ፣ ፋንክሽኑ ውስጥ የተፈጠረና ሌላ ማንም የማያየው ዝርዝር ቢለወጥ ነውር የለበትም። ከውጭ ሲታይ ፋንክሽኑ ያው ንጹህ ነው።

ንጹህ ፋንክሽን ብቻ ያለው ፕሮግራምም አይጠቅምም፤ ደረሰኝ አያትም፣ ሽያጭ አይመዘግብም። ጉዳዩ ቦታ የመለየት ነው። ሥሌቱ መሐል ላይ ንጹህ ሆኖ ይቀመጣል፤ ማንበቡ፣ ማተሙና መመዝገቡ ጠርዝ ላይ ይሆናል። ሃስኬል የተባለው ቋንቋ ይህን ድንበር በሕግ ያስከብራል፤ ከውጭው ዓለም ጋር የሚነጋገር ፋንክሽን ዓይነቱ ላይ `IO` የሚል ምልክት ይኖረዋል። አንባቢው የፋንክሽኑን ሆድ ሳይከፍት ከደጁ ያውቀዋል።

ኮድ የምትጽፉ ሁሉ፣ ሒሳብ ከሚሠሩት ፋንክሽኖቻችሁ አንዱን ዛሬ ምረጡና በአንድ ዓይነት ግብዓት ሁለት ጊዜ ጥሩት። ሁለቱን መልሶች አስተያዩ፤ ከዚያ የሰጣችሁት ዝርዝር እንደነበረ መሆኑን ተመልከቱ። ከሁለቱ አንዱ ከተለወጠ፣ የደንበኛዋ ደረሰኝ ከመታተሙ በፊት ደርሳችሁበታል።