«የሀበሻ ካላንደር ነው አካውንቴን የዘጋብኝ»፦ ስለ ትውልድ ቀን ስህተት የሚባለውና እውነታው

ቂሊንጦ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሰፈር ነው። እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ አዲስ ስልክ የገዛ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ጂሜይሉን ራሱ አይከፍትም። የሚከፍትለት ሞባይል ቤቱ ነው። ሻጩ ስም ይጠይቃል፣ ፓስወርድ ያወጣል፣ የትውልድ ቀን የሚለው ሳጥን ላይ ሲደርስ ደግሞ ወረፋው ስለሚያጣድፈው የመጣለትን ቁጥር ሞልቶ ያልፋል። ስህተቱ ለዓመታት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። አንድ ቀን ግን ዕድሜው 20 የሆነ የምህንድስና ተማሪ፣ አካውንቱን ለማስተዳደር ዕድሜው እንዳልደረሰ የሚገልጽ ማስታወቂያ ስልኩ ላይ ያነባል። ዶርም ውስጥ ምክር የሚጎርፈው ከዚያ በኋላ ነው፤ አብዛኛው ምክር ደግሞ ስህተት ነው።

እዚህ የማነሳው የጉግል አካውንትን ብቻ ነው። ቲክቶክም ፌስቡክም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ግን ኢሜይሉም፣ ፎቶውም፣ ድራይቭ ላይ ያለው የመመረቂያ ጽሑፍም የተንጠለጠሉት በዚሁ አንድ አካውንት ነው።

«በእኛ ዓመተ ምሕረት ስለሞላሁ ነው የዘጋው»

በብዛት የሚሰማው ይህ ነው፤ ሒሳቡ ግን አይደግፈውም። የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደኋላ ነው። ጥር 12 ቀን 1997 የተወለደ ሰው በፈረንጁ የተወለደው ጃንዋሪ 20 ቀን 2005 ነው። ሳጥኑ ውስጥ 1997 ብሎ ከሞላ ማሽኑ የሚያየው ከእውነተኛ ዕድሜው 8 ዓመት የሚበልጥ ሰው ነው። በዕድሜ ከፍ ያለ ሰው ደግሞ በልጅነት አይዘጋበትም። የእኛን ዓመት መሙላት የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ የ10 ዓመቱን ልጅ የ17 ወይም የ18 ዓመት ወጣት አስመስሎ ያሳልፈዋል። ወላጆች ሊያስቡበት የሚገባው ይኼኛውን ነው፤ ግን የዛሬ ጉዳያችን አይደለም።

ታዲያ የሚዘጋው ምንድን ነው? አንደኛው ጥድፊያ ነው። የዓመቱን መደዳ በጣት ሲያሽከረክሩት ሩቅ ሳይሄድ ይቆምና በቅርብ ዓመታት የተወለደ ሕፃን ተደርገው ይመዘገባሉ። ሁለተኛው የድርጅት አካውንት ነው። ባለሱቁ የራሱን ልደት ትቶ ሱቁ የተከፈተበትን ቀን ይሞላል፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተከፈተ ካፌ ለማሽኑ ትንሽ ልጅ ነው። ሦስተኛውና ለእኔ ዋነኛው ግን እርማት ነው፤ ቀኑን ሁለት ጊዜ መቀየር።

የዚያኑ የጥር 12 ልጅ ነገር እንውሰድ። ሻጩ ጠንቃቃ ሆኖ 8 ደምሮ 2005 ብሎ ሞልቶለት ነበር እንበል። ልጁ ይህን አያውቅም። ኅዳር 11 ቀን 2018 አካውንቱን ሲከፍት 2005 የሚል ያያል፤ 2005 ደግሞ የእኛም የፈረንጅም ሊሆን የሚችል ዓመት ነው። «ይኼማ የእኛው ነው፣ ወደ ፈረንጅ ልቀይረው» ብሎ ሌላ 8 ይደምራል። አሁን ጃንዋሪ 20 ቀን 2013 ሆነ። ያን ዕለት በፈረንጁ ኖቬምበር 20 ቀን 2025 ስለሆነ፣ አካውንቱ የ12 ዓመት ከ10 ወር ልጅ ሆኖ አረፈው። የጉግል ዝቅተኛ ዕድሜ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአብዛኛው ዓለም 13 ነው። ልጁ ቀድሞ ያልነበረውን ችግር በገዛ እጁ ጠራ።

ለማስላት የሚረዳው ነገር ይህ ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ የተወለደ 7 ይደምራል፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን የተወለደ 8 ይደምራል። (ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ድንበሩ በአንድ ቀን ቀደም ይላል።) ኅዳር 5 ቀን 1997 የተወለደ 2004 ነው፤ ጥር ላይ የተወለደው የክፍል ጓደኛው ግን 2005። ቀኑና ወሩም አብረው ይቀየራሉ፤ ኅዳር 5 ኖቬምበር 14 ይሆናል እንጂ ኖቬምበር 5 አይሆንም።

«ተሳስቼ ነው፤ መልሼ አስተካክለዋለሁ»

ከመዘጋቱ በፊት ቢሆን እውነት ነበር። 13 ያልሞላ ቀን ተመዝግቦ ከተቀመጠ በኋላ ግን ቁጥሩን መልሶ መጻፍ ብቻ አይበቃም። ይህ ብዙ ሰውን የሚያናድድ ነገር ነው፤ «የሞላሁት እኔ፣ የምለውጠውም እኔ» ይላል። ምክንያቱ ከወዲያ ማዶ ያለ ሕግ ነው። አሜሪካ በፈረንጁ በ1998 ያወጣችው፣ በ2000 ሥራ ላይ የዋለው የሕፃናትን የበይነመረብ ግላዊነት የሚጠብቅ ሕግ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይሰበሰብ ይከለክላል። ለልጆች ታስቦ ያልተሠራ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ተጠያቂ የሚሆነው ልጅ መሆኑን እያወቀ ሲሰበስብ ነው። ተጠቃሚው ራሱ 12 ዓመቴ ነው ብሎ ከሞላ ድርጅቱ አላወቅሁም ማለት አይችልም። ጉግልና ዩቲዩብ በዚሁ ሕግ ምክንያት በፈረንጁ በ2019 የ170 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተስማምተው ከፍለዋል። ከዚያ ወዲህ «ተሳስቼ ነው» የሚል ቃል ብቻውን የሚያሳምነው አካል መጠበቅ የዋህነት ነው።

አዲስ አካውንት ስትከፍቱ የሚገጥመውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ትንሽ ዕድሜ ሞልቶ የተከለከለ ሰው ወደኋላ ተመልሶ ሌላ ዓመት ሲሞላ እንደገና ይከለከላል፤ «ስልኬ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገባ» ይላል። አልገባም። ሕጉን የሚያስፈጽመው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ልጆች ወደኋላ እየተመለሱ ዕድሜያቸውን እንዳይጨምሩ ድርጅቶች አሳሹ ላይ ጊዜያዊ ምልክት እንዲተዉ ይመክራል፤ የከለከለው ያ ምልክት ነው።

«ችግር የለም፣ 13 እስኪሞላልኝ እጠብቃለሁ»

ይህ ብልጥ ይመስላል። ልጃችን በአካውንቱ ላይ 13 የሚሞላው በሁለት ወር ውስጥ፣ ጥር 12 ነው፤ በጥምቀት ማግስት። ታዲያ ምን ያስቸኩላል?

ጉግል ከማስታወቂያው በኋላ የሚሰጠው 14 ቀን ነው። ኅዳር 11 የጀመረው 14 ቀን ኅዳር 25 ላይ ያልቅና አካውንቱ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ 30 ቀን ምንም ካልተደረገ ወደ መሰረዝ ይሄዳል። ያ ቀን ታኅሣሥ 25 ነው፤ ከገና በፊት። ጥር 12 ሲደርስ 13 ዓመት የሚሞላለት አካውንት አይኖርም። ልጁ የተሸነፈው በ17 ቀን ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ሲመጣ ቀኑን ወረቀት ላይ ጻፉ። ኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ቀነ ገደብም በፈረንጁ ስለሆነ ወደ እኛ ቀይራችሁ አስቀምጡ፤ ጥፋቱ የተጀመረው በመቀየር እንደነበር አትርሱ።

«ወንድሜ ወላጅ ይሁንልኝና ይከፈት»

የዘጋው ገጽ ሁለት ዓይነት መንገድ ያሳያል፤ የወላጅ ቁጥጥር ማስገባት ወይም ዕድሜን ማረጋገጥ። የመጀመሪያው ቀላል ስለሚመስል ዶርም ውስጥ አንዱ የሌላው አባት ይሆናል። ግን ይህን ስትመርጡ ልጅ መሆናችሁን አመናችሁ ማለት ነው። አካውንቱ የልጅ አካውንት ይሆናል፤ የምትጭኑት መተግበሪያና የምታዩት ነገር በ«አባትየው» ቁጥጥር ሥር ይገባል። ለእውነተኛ የ12 ዓመት ልጅ ትክክለኛው መንገድ ይኼው ነው። ለ20 ዓመት ሰው ግን ከአንድ ጉድጓድ ወጥቶ ሌላ ውስጥ መግባት ነው።

«ማንኛውም መታወቂያ ይበቃል»

ዕድሜ በአብዛኛው የሚረጋገጠው በክሬዲት ካርድ ወይም በመንግሥት መታወቂያ ነው። የካርዱ መንገድ ለእኛ ጠባብ ነው፤ ከአገር ውስጥ ባንክ የምንይዘው ካርድ በአብዛኛው ከሒሳባችን የሚቀንስ የኤቲኤም ካርድ ነው እንጂ ክሬዲት ካርድ አይደለም። የሚቀረው መታወቂያ ነው፤ ዝርዝሩ ወሳኝ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው።

የቀበሌ መታወቂያ በአብዛኛው በአገር ውስጥ ቋንቋ፣ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። 1997 የሚለውን ያየ የውጭ መርማሪ እንደ ፈረንጅ ዓመት ሊያነበው ይችላል፤ እናንተ ደግሞ 2005 ብላችኋል። ሁለቱ አይገጥሙም። ፓስፖርት የተጻፈው በፈረንጁ ስለሆነ ይህ ጣጣ የለውም። የፋይዳ ካርድ ደግሞ የትውልድ ቀንን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ያሳያል፤ ፓስፖርት የሌለው ተማሪ ከቀበሌው ወረቀት ይልቅ እሱን ቢይዝ ይሻላል። ፎቶው አራቱም ማዕዘን የሚታይበት፣ ብልጭታ ያላረፈበት፣ ቀኑ ያለ ጭንቅ የሚነበብ ይሁን።

ሌላም እንቅፋት አለ። እዚህ አገር የልደት ምዝገባ በወሳኝ ኩነት ሥርዓት መልክ ይዞ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ2008 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው እናታችን የነገረችን ቀን፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ያለ ቀንና ፓስፖርት ላይ ያለ ቀን ሦስት የተለያዩ ቀኖች ሆነው ይዘን እንገኛለን። እውነተኛው የትኛው ነው የሚለው የቤተሰብ ክርክር ነው። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ግን የምታቀርቡት ሰነድ ላይ ያለው ነው፤ ቁጥር በቁጥር።

ፎቶሾፕ የተነካካ መታወቂያ መላክ ግን በስህተት የተዘጋን አካውንት በማጭበርበር ወደሚዘጋ አካውንት መለወጥ ነው። «ውስጥ ሰው አለኝ፣ በቴሌብር ላክልኝና እከፍትልሃለሁ» የሚለው ደላላም የሚፈልገው መታወቂያችሁንና ፓስወርዳችሁን ነው፤ የማረጋገጫው ገጽ ነጻ ነው።

አካውንታችሁ ገና ክፍት ከሆነ myaccount.google.com ገብታችሁ የግል መረጃ በሚለው ሥር የትውልድ ቀኑን እዩ። ከመንካታችሁ በፊት አሁን ካለንበት የፈረንጅ ዓመት ላይ የተጻፈውን ዓመት ቀንሱ። ውጤቱ በዚህ የፈረንጅ ዓመት የሞላችሁትን ወይም የምትሞሉትን ዕድሜ ከሰጠ ቀኑ ቀድሞ ተቀይሯልና አትንኩት። 7 ወይም 8 ዓመት ካስበለጠ የገባው የእኛው ዓመት ነው፤ ፓስፖርታችሁን ወይም ፋይዳችሁን ፊታችሁ አስቀምጣችሁ ከሱ ላይ ገልብጡ፣ በጭንቅላት አታስሉ። አካውንቱን ሞባይል ቤት ካስከፈታችሁ ደግሞ እግረ መንገዳችሁን የመልሶ ማግኛ ስልክ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ተመልከቱ፤ የሻጩ ሆኖ ካገኛችሁት በራሳችሁ ቁጥር ቀይሩት።