ተጨማሪ መረጃ፦ ለ6 ሰው ስንት ይቆፈራል?

አንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ፍሳሽ ቢለቅ፣ የ6 ሰው ቤተሰብ 480 ሊትር ይለቃል። የ2 ቀን ፍሳሽና የ3 ዓመት ዝቃጭ (ለአንድ ሰው በዓመት 40 ሊትር) ሲደመሩ 1.7 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናሉ። የሴፕቲክ ታንኩ ውስጥ 1.7 በ1 ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ጋር 1.3 ሜትር ይሁን። ብዙዎች የሚሳሳቱት ይህንኑ ልክ ሲያስቆፍሩ ነው፤ ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ግድግዳና ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ወለል ሲታከሉ ቁፋሮው 2.1 × 1.4 × 1.45፣ ማለትም 4.3 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ለ8 ሜትር ካሬ ግድግዳ፣ በካሬ 12.5 ተሰልቶ፣ ከስብራት ጋር 106 ብሎኬት ይገዛል። የብሎኬቱ ቀዳዳ በኮንክሪት ካልተሞላ ታንኩ ያፈሳል። ማስረጊያ ጉድጓዱ ግን በጎኑ ስፋት ይለካል፦ በካሬ በቀን 25 ሊትር በሚያሰርግ አፈር 2 ሜትር ዲያሜትር ያለው፣ ከቱቦው በታች 3.1 ሜትር የጠለቀ ጉድጓድ ይበቃል። በመረሬ አፈር ይህ ልክ ቶሎ ሞልቶ ይገነፍላል።